ለዘበኛው ሚና የሚፈለግ

የአንድ ሰው ሕይወት ተጨምቆ ቢጻፍ ስንት መስመር ይወጣዋል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መጻሕፍት ውስጥ መልሱን ስፈልግለት የኖርኩትን ጥያቄ፣ ሸዋገነት እንደ ተራ ሥራ ስትመልሰው አይ ነበር። መሳለሚያ፣ ከጨርቅ መደብሮች በላይ ባለ ፎቅ፣ የቴሌቪዥን ድራማ የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት አለ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የስክሪፕቶቹን ቋንቋ የማርመው እዚያ ነው። እሷ ደግሞ ለተዋንያን ምርጫ የሚወጣውን የሚና መግለጫ ትጽፋለች።

ነገሩ አጭር ጽሑፍ ነው። የሚናው ስም፣ ጾታው፣ ካሜራ ላይ ሊመስል የሚገባው ዕድሜ፣ የሚናው ትልቅነት፣ ሰውየው በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ፣ የተለየ ችሎታ ካስፈለገም እሱ፤ ከዚያ የቀረጻው ጊዜና ቦታ፣ የሚላከው ፎቶና ቪዲዮ። ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ተዋናይ የሚያቀርበው ኤጀንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያነበውና «ይሄ ለእገሌ ነው» ይላል፤ ተዋናዩም የእሱ ካልሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስክሪፕቱን ያነበበ የለም። ሁሉም የሚፈርደው በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ነው።

ሸዋገነት በዚህ የተካነች ነበረች። «ቆንጆ፣ ደግ፣ ጠንካራ» የሚሉ ቃላትን አትወድም፤ «እንዲህ ካልኩ ከተማው በሙሉ ይመጣብኛል» ትላለች። ስለ አንዲት ነጋዴ ስትጽፍ «ሲሰድቧት መጀመሪያ የምትስቅ፣ ቀጥላ በሩን የምትዘጋ» ብላ ነበር። የመጡት ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ ሁሉም ግን በር መዝጋት ያውቁበታል። ደንቧ አንድ ነው፤ ያለ እሱ ሚናው የማይቆመውን ጻፍ፣ የቀረውን ለተዋናዩ ተውለት።

ይህን ደንብ አንድ ጊዜ ጣሰች።

አንድ ስክሪፕት ላይ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ገብረ ማርያም ይባላል፤ ዕድሜው ከአርባ አምስት እስከ ሃምሳ አምስት፤ ስርቆት አይቶ ዝም ይላል፣ ዝምታው ቀስ በቀስ ይበላዋል። በቃ። ሸዋገነት የጻፈችውን ለእርማት ሳነበው ግን ስክሪፕቱ ውስጥ ያልነበረ ሰው ቆሞ አገኘሁ። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት። ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ ቀኝ የሚያዘነብል። ሰው ሲጠራው ከመዞሩ በፊት የሚቆም።

«ጠባሳው ከየት መጣ?» አልኳት።

«ከቤት ነው፣ ጋሼ።»

ታላቅ ወንድሟ ኃይለየሱስ ከጠፋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። አንድ ቀን የተበላሸ ምድጃ ይዞ ምን አለሽ ተራ ሊያስጠግን ወጣ። ምድጃው ተጠግኖ ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። አልተጣላም፣ አልታመመም። ፖሊስ ጣቢያውም ሆስፒታሉም ታየ፣ ፎቶው በየግንቡ ተለጠፈ፣ ዝናብ አወረደው። እናታቸው ይመጣል ብለው በሩን ሳይቆልፉ ኖረው ሞቱ።

«ኤጀንቶቹ የስንቱን ሰው ፊት እንደሚያውቁ ያውቃሉ?» አለችኝ። «እኔ እንዲህ ያለ ሰው እፈልጋለሁ ስል፣ አንዱ ‹አውቀዋለሁ› ይላል። ፖሊስ እንደዚያ አይፈልግም። የዘበኛው ዕድሜ አሁን እሱ ከሚሆነው ጋር ይገጥማል፤ ጠጉሩንም አሽብቼዋለሁ።»

ፊደሉን ብቻ አርሜ መለስኩላት። ዳይሬክተሩ መስፍን ለቀረጻ ክፍለ ሀገር ነበር። መግለጫው ወጣ።

በኦዲሽኑ ቀን ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ። ከታች እስከ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በግራ ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ተሰልፈዋል። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ያዘነበሉ። ሰው ስሜን የጠራኝ መስሎኝ እኔው ራሴ እንደ እነሱ ቆምኩ። ሥራቸው ነው፤ የተጻፈውን ሰው ሆነው ነው የመጡት።

«ወንድሜ፣ ጠባሳህ በላብ ወርዶ ጉንጭህ ላይ ደርሷል» ይላል አንዱ።

«ያንተስ? በቀኝ ነው የሳልከው። መስታወት እያየህ ነው አይደል?»

ይሳሳቃሉ። ውስጥ ሸዋገነት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ፣ ወንድሟ ደጋግሞ ገብቶ ደጋግሞ ሲወጣ ታያለች። አንዱ አንገቱን በትክክል አዘንብሎታል፣ የሌላው አቋቋም የእሱው ነው፣ ፊታቸው ግን የእሱ አይደለም። እንደ ደንቡ «እናመሰግናለን፣ እንደውላለን» ትላለች። ሙት ቢሆን አስከሬኑ አንድ ጊዜ ይታያል፤ የጠፋ ሰው ግን እንዲህ በብዙ ፊት ሲመጣ ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ አብዱልሰላም ገባ። አንዋር መስጊድ አጠገብ የቤት ዕቃ ይሸጣል፣ ሥራ ሲገኝ ይተውናል። ጠባሳ አልሳለም። የተሰጠውን ትዕይንት ተጫወተ፤ ሌባው ሲቀልድበት ሳቀ። ሲስቅ ግራ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሸዋገነት ብዕሯን አስቀመጠች። ወንድሟ የፊት ጥርሱ ተሰብሮ፣ ሲስቅ እንዲሁ ይሸፍነው ነበር። ይህን አልጻፈችውም።

«እጅህን… ያን ከየት አመጣኸው?»

«ይቅርታ እትዬ፣ በዛ እንዴ?»

«አልበዛም። ከየት ነው ያልኩህ።»

«መግለጫውን ሳነብ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ጎረምሳ ሳለሁ፣ እዚያው አንዋር በነበረው የአባቴ ቅመም መደብር ጭነት የሚያወርድ ሰው ነበር። አንገቱ ልክ እንደጻፉት ነው። ጥርሱን አፍሮ እንዲህ ይስቃል። ስሙን እንኳ አልነገረንም፣ ‹ጎበዜ› ነበር የምንለው።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«አሮጌዎቹ ሱቆች ሳይፈርሱ።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን ቀረ። ቤተሰቦቹ ጋር ገባ ብለን ደስ አለን።»

የእነሸዋገነት ቤት እዚሁ መሳለሚያ ነበር፤ ከዚህ አንዋር ስንት ነው? ዕቃ ተሸክመው ቢሄዱ እንኳ አያደክምም። እሷ ፎቶውን በሌላ ሰፈር ግንብ ላይ ስትለጥፍ፣ እሱ እዚያው ከረጢት ሲያወርድ ነበር፤ ሲጠፋባቸውም ወደ እሷ የሄደ መስሏቸው ደስ አላቸው። ለምን ወደ ቤቱ እንዳልተመለሰ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ሰው ከሕይወቱ የሚወጣው በሩን ሳይዘጋ ነው እላለሁ፤ ግን ይህ ደግሞ ምንም አያስረዳም።

መስፍን ሲመለስ ቪዲዮዎቹን አየ። በጠባሳዎቹ ተናደደ።

«እትዬ ሸዋ፣ ይሄ ሁሉ ስክሪፕቱ ላይ አለ እንዴ? ባልጠየቅነው ጠባሳ ስንት ጥሩ ተዋናይ አስቀረን።» የአብዱልሰላምን ሲያይ ግን ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አየው። «ይሄ ነው። በቃ፣ ይሄ ነው።»

ሚና ሲያዝ መግለጫው ላይ «ተዘግቷል» ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ ከቴሌግራሙ ይነሳል። አለበለዚያ ኤጀንቶች ለሌለ ሥራ ሰው ሲልኩ ይውላሉ፣ በሚቀጥለው ደግሞ አያምኑም። ይህን ደንብ ያስተማረችው ራሷ ሸዋገነት ናት።

«መስፍኔ» አለችው፣ ቆማ። «ይቆይልኝ። አንድ ሰው አስታውሷል። ሌላም ሊያስታውስ ይችላል።»

«ሚናው እኮ ተይዟል፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው በተስፋ ደረጃ ይወጣል፣ እኛ ምን ልንለው ነው?»

ሸዋገነት የቴሌግራም ቻናሉን የምታስተዳድረውን ሎዛን እንዳታነሳው ጠየቀች፤ ሎዛ አለቀሰች፣ ግን ማንሳቱ ግድ ነው አለች። ሸዋገነት ለኤጀንቶቹ አንድ በአንድ ደውላ፣ መግለጫውን ስልካቸው ላይ እንዲያስቀምጡት፣ ፊት ባዩ ቁጥር እንዲያስታውሱት ለመነች። «እሺ እትዬ» አሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ሚና መግለጫ ጠየቋት። መጨረሻ ላይ ትንሽ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ቢነሳም ይነሳ፣ «ተዘግቷል» የምትለዋ ቃል ግን ከመነሳቱ በፊት አትጻፍበት አለች። ተጻፈችበት።