ያልወጣው ቁም ሳጥን

አናጢው ፍሰሃጽዮን ሓድጉ ጠዋት ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያለውን ሥራ ቤቱን ሲከፍት፣ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው ሳሊህ ከሰላምታ አስቀድሞ፣ «ቁም ሳጥኑ ወጣ?» ይለዋል። ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሳሊህ ግን አልሰለቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሰሃጽዮን ያኔ ለአንዲት ሙሽራ የዋንዛ ቁም ሳጥን ታዘዘ። የሙሽራዋን በር ለካ፣ ኮሪደሯን ለካ፣ ጣሪያዋን ሳይቀር ለካ። ከዚያ እንጨቱን እርስ በርሱ አጋጥሞ በኮላ አጣበቀና፣ ሸካሚዎች ጠርቶ ሲያስነሳው የራሱ ሥራ ቤት በር ጠበበ። በቁመት ሞከሩት፣ በጎን ሞከሩት፣ እምቢ አለ። እንዳይፈታ ተጣብቋል፤ ግድግዳው እንዳይፈርስ ቤቱ የኪራይ ነው። ለሙሽራዋ የሚፈታና የሚገጠም ሌላ ሠራላት። ትልቁ ቁም ሳጥን እዚያው ቀረና የመጋዝና የመላጊያ ማስቀመጫ ሆነ።

አሁን ግን ሳቁ ቀርቶ ሐሳብ ገብቶታል። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ተዘጋጀው የፋብሪካ ዕቃ አዙሯል፤ ከፋሲካ ወዲህ በሩን ያንኳኳ ደንበኛ የለም። እንዲህ ከቀጠለ ሥራ ቤቱን መልቀቁ ነው። ልጁ ዓወት በራሪ ወረቀት እንበትን አለ፤ አንዱ ገጽ በትግርኛ፣ ሌላው ለዩኒቨርሲቲ መምህራን በአማርኛ። አማርኛው ለዓወት ሚስት፣ ለደሴዋ እታገኝ ተሰጠ።

«ጻፊ ጓለይ፣ ልጄ» አላት ፍሰሃጽዮን ደረቱን ነፍቶ። «በዓለም አቀፍ ደረጃ እውቅና ያተረፉ፣ እንከን የማያውቃቸው፣ የእንጨት ሥራ ሊቅ።»

«እውቅናውን ማን ሰጠዎት ኣቦይ?»

«አንቺ ትሰጪኛለሽ፤ እስክሪብቶው ያለው አንቺ ጋ አይደል?»

እታገኝ ሳቀች እንጂ አልጻፈችም። ሳምንቱን ሙሉ እየመጣች ጥግ ላይ ተቀምጣ ከፋሲካ በፊት የታዘዘውን ሲጨርስ አየችው። ከዚያ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችለት፦

«ፍሰሃጽዮን ሓድጉ መላጊያ የጨበጡት በአባታቸው ሥራ ቤት ነው። እርጥብ ጣውላ አይነኩም፤ አየር እንዲያገኘው በየመሀሉ ቀጭን እንጨት እያስገቡ ጥላ ውስጥ ደርድረው፣ እስኪደርቅ ይታገሣሉ። ማጋጠሚያውን በሚስማር አይመቱም፤ የአንዱን ጫፍ እንደ ምላስ አውጥተው በሌላው ቀዳዳ ልክ ያስገቡታል።»

«ሊቁ የታለ?» አለ ቅር ብሎት። ግን ደግሞ ደስ ብሎታል፤ የአባቱ ነገር በመነሳቱ ዐይኑ እርጥብ ብሏል። «ይሁን፣ ይታተም።»

ተንኮለኛዋ የመጨረሻውን አንቀጽ ዘላ እንደነበር ያወቀው ወረቀቱ ከተማውን ካዳረሰ በኋላ ነው። ሳሊህ አንዱን ቅጂ ይዞ፣ እየሳቀ መንገድ ተሻግሮ መጣና አነበበለት፦

«ሥራቸውን ማየት ለሚፈልግ፣ በሥራ ቤታቸው ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን አለ። ሃያ ዓመት አልፎታል። ሲሠሩት የገዛ በራቸውን መለካት ስለረሱ አልወጣም። መጥተው የቁም ሳጥኑን በር በአንድ ጣት ገፋ ያድርጉት።»

ፍሰሃጽዮን ደሙ ፈላ። «አዋረደችኝ! በሁለት ቋንቋ አዋረደችኝ!» አለ። ዓወት የጻፈው ትግርኛም ያንኑ አንቀጽ ይዞ ነበርና ልጁም ከድቶታል። እታገኝን ጠርቶ ሊቆጣት ስልኩን እንዳነሳ፣ አንድ ባለ መነጽር ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አስማማው እባላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ነው የማስተምረው። ቁም ሳጥኑ ይሄ ነው?»

ፍሰሃጽዮን የሚገባበት ጉድጓድ አጣ። ጎንበስ ብሎ የሌለ ፍቅፋቂ መጥረግ ጀመረ። አስማማው ግን አልሳቀም። ገርበብ ያለውን የቁም ሳጥኑን በር በጣቱ ነካ አደረገው፤ በሩ ሳይጮህ፣ ሳይጎተት ሄዶ ክፈፉ ውስጥ ገጠመ። ከፈተው፤ ደግሞ ገፋው። ከዚያ መዳፉን ማጋጠሚያው ላይ አሳረፈና ቁልቁል ዳሰሰው፤ እጁን የሚይዝ ክፍተት አላገኘም።

«ባለፈው ዓመት የገዛሁትን የፋብሪካ ቁም ሳጥን በሩ ወልቆ በገመድ ነው የማስረው» አለ። «እንዲህ ያለ ይሠሩልኛል?»

ፍሰሃጽዮን ቀና አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ቁም ሳጥን ሲያፍር ኖሮ፣ ስለ እንጨቱ የጠየቀው ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው። ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ሰውየውን አልፎ፣ መጀመሪያ የራሱን በር ለካ።

በማግስቱ አስማማው ሁለት ባልደረቦቹን አስከትሎ ተመለሰ። እታገኝም ቁጣውን ልትቀበል ብትመጣ፣ ቁጣው ጠፍቶ ፍሰሃጽዮን የሚቀመጡበት ዱካ አቀረበላት።

ሳሊህ ከመንገዱ ማዶ ጮኸ። «ቁም ሳጥኑ ወጣ?»

«አልወጣም» አለ ፍሰሃጽዮን። «ሰው ግን እያስገባ ነው።»