መጠንቀቅ መከላከያ አይደለም

በአብሮ አደጌ ላይ መቅናት የጀመርኩት ገና ልጆች ሳለን ነው። ሳቁ ቶሎ ይመጣል፣ ሰውም ቶሎ ይወደዋል። እኔ ሰው የሚያከብረኝ እንጂ የሚወደኝ ዓይነት አይደለሁም። አድገን ሁለታችንም ሾፌር ሆንን፤ ከመቱ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ የሚሠራ ድርጅትም ገልባጭ መኪና ላይ ቀጠረን። እዚያም ያው ነበር። ጠጠሩን ቀድሜ አድርሼ የምመለሰው እኔ፤ ካምፑ «የት ደረሰ?» እያለ የሚጠይቀው ስለ እሱ።

አንድ ክረምት ድርጅቱ ከሾፌሮች መካከል የሥራ ላይ ደህንነት ኃላፊ ሊመርጥ ነው ተባለ። ገልባጩ ወገቤን ጨርሶታል፤ ሐኪሙም ከመሪ ላይ ውረድ ብሎኛል። ለእኔ ያ ቦታ የማዕረግ ጉዳይ አልነበረም፤ መዳኛዬ ነበር። ስሜን ሰጠሁ። እሱም ሰጠ። ወገቡ ደህና ነው፤ ምን አስፈለገው? እላለሁ እስከ ዛሬ።

ፈተናው የገልባጭ የኋላ ጎማ መቀየርን በታትኖ ማቅረብ ነበር። ኢንጂነሩ፣ የልጄ እኩያ የሆነ ወጣት፣ ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ከፈለው። በአንደኛው ሥራው በቅደም ተከተል ይጻፋል፤ በሁለተኛው እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ምን ሊጎዳን እንደሚችል፤ በሦስተኛው ጉዳቱን በምን እንደምናስቀረው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩ» አለኝ።

ጀመርኩ። መኪናውን ማቆም፤ ሊንሸራተት ይችላል፤ መከላከያው መጠንቀቅ። የመኪና ማንሻ ክሪክ ማስገባት፤ ክሪኩ ሊያመልጥ ይችላል፤ መጠንቀቅ። ጎማውን ማውጣት፤ እግር ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በጣም መጠንቀቅ። ስጨርስ ደስ ብሎኝ ዞር አልኩ።

«ጋሼ፣ መጠንቀቅ መከላከያ አይደለም» አለ ኢንጂነሩ። «ሰው ይደክመዋል፣ ይቸኩላል፣ ይረሳል። ሳይጠነቀቅ በቀረ ቀንስ የሚያድነው ምንድን ነው?»

«ሙያ በልብ ነው» አልኩት። አልሳቀልኝም።

አብሮ አደጌ ተነሣ። መኪናው የሚቆመው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ነው አለ፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ የድንጋይ ታኮ ይገባል። ለሚመጣ መኪና ምልክት ይቀመጣል፤ ምልክት ከሌለ እኛ ሾፌሮች እንደምናደርገው ቅጠል ይነሰነሳል። የጎማው ብሎኖች፣ ዳዶዎቹ፣ የሚላሉት ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው። ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይገባል፤ መኪናው ከተነሣ በኋላ በመደገፊያ ብረት ይያዛል፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይገባም። ስኮርታውን፣ ተለዋጩን ጎማ፣ ሁለት ሰው ያንከባልላል እንጂ አንድ ሰው አይሸከምም። ዳዶው በመስቀል ቅርጽ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየታለፈ፣ ይጠብቃል፤ ትንሽ ተነድቶም እንደገና ይታያል። ጓንትና ጫማን መጨረሻ ላይ ነው የጠራቸው።

«በመጨረሻ ድንጋዩንና ቅጠሉን ከመንገዱ ላይ እናነሣለን» አለ። «እኛ የተውነው ድንጋይ ሌላውን ሾፌር ይገድላል።»

እኔም እኮ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን በእጄ ሠርቼዋለሁ። ማወቄን ማስቆጠር ግን አልቻልኩም፤ ቦታውን ለእሱ ሰጡት።

ቤቴም አላረፍኩም። ባለቤቴ የካምፑ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ራት ላይ «ዛሬ ጓደኛህ መጥቶ ድስት ማውረድን ከእኛ ጋር በታተነው» አለችኝ። «የት ላይ ትቃጠላላችሁ፣ የት ላይ ያዳልጣችኋል እያለ እኛኑ ጠየቀን። እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆን አያውቅም።»

እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያሳየኝ እሱ መሰለኝና ይበልጥ ጠላሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠጠር ጭኜ ስሄድ እሱም ጋቢና ገብቶ አብሮኝ ተጓዘ። ዝናቡ አባርቷል፤ መሬቱ ግን ጭቃ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ ጥንድ ጎማዎች የውስጠኛው ተነፈሰ። ኢንጂነሩ ደወለ፤ ሠራተኛው ጠጠር አጥቶ ቆሟል፣ ፍጠኑ አለ። አብሮ አደጌ ዘሎ ወረደ። አሁንም ሾፌር መሆኑን ሊያሳየኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ቅጠል ቆርጬ መንገዱ ላይ ስነሰንስና ጎማዎቹን በድንጋይ ስደግፍ እሱ ዳዶዎቹን አላልቶ ክሪኩን አስገባ። ጣውላውን ካምፕ ረስተነዋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭቃው ላይ አጋድሞ ያንን ለክሪኩ መቆሚያ አደረገው።

«ጣውላ የለንም፣ ቁልቁለት ነው፣ ጭነት ላይ ነን» አልኩት።

«ማሎ፣ ዲሲ!» አለኝ፤ በእናቱ ቋንቋ እባክህ ተው ማለቱ ነው። «እጠነቀቃለሁ።»

ያቺን ቃል ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ልደብቀው አልችልም። ቦታዬን ያሳጣችኝ ቃል ከእሱ አፍ ወጣች! ክሪኩ ቀስ እያለ ማዘንበሉን አየሁ። ዝም ብል መኪናው ከክሪኩ ይወርዳል፣ ወሬው ካምፕ ይደርሳል፣ እሱም ይዋረዳል። ፊቱ ግን እዚያው ክሪኩ አጠገብ ነበር። እንዲዋረድ ነው የፈለግሁት፤ ክሪክ ደግሞ ውርደትን ከሞት መርጦ አይሰጥም።

«ውጣ!» ብዬ ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩት። ተያይዘን ወደቅን። ክሪኩ ተፈናጥሮ ፊቱ በነበረበት በኩል አለፈና ቦይ ውስጥ ገባ። መኪናው በጎማው ላይ ተቀመጠ።

«መጠንቀቅ መከላከያ አይደለም» አልኩት፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዳዶዎቹን መልሰን አጠበቅን። ጎማው ቢበላሽም ይበላሽ ብዬ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እየነዳሁ ከቁልቁለቱ በታች ያለው ደልዳላ መሬት ላይ አደረስኩት። ጠጠሩን እዚያው ገለበጥኩት፤ ባዶ መኪና ማንሣት ይቀላል። ጣውላና መደገፊያ ብረት ከካምፕ እስኪመጣልን ጠበቅን። እሱ ደግሞ ወደ ላይ ተመልሶ ድንጋዩንና ቅጠሉን ከመንገዱ ላይ አነሣ። ያንን እኔ ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁላችንም በምንሰበሰብበት ሰዓት፣ ነገሩን ኢንጂነሩ ፊት ልናገረው ተዘጋጅቼ ሄድኩ። የደህንነት ኃላፊው ራሱ ያወጣውን ደንብ ጥሶ ሊሞት ነበር ብል ቦታው የእኔ ነው፤ ወገቤም አረፈ። አፌን ሳልከፍት እሱ ሰሌዳው ጋ ቆመ።

«ትናንት እጠነቀቃለሁ ብዬ ይህን የመሰለ ፊቴን ላጣው ነበር» አለ። ሰው ሳቀ። ሁሉንም ተናገረ፤ ድንጋዩን፣ ጭቃውን፣ ችኮላውን። ምንም አልደበቀም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጨመረ፦ ቁልቁለት ከሆነ ሥራው አይጀመርም፤ የጫነ ገልባጭ መጀመሪያ ደልዳላ ላይ ያራግፋል፤ ጣውላ ከሌለ ይጠበቃል። «ይህ የእሱ ነው» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ሁላችሁም አጨብጭቡለት።»

አጨበጨቡልኝ። በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። የተዘጋጀሁበት ነገር አፌ ውስጥ ቀረ። ስለ ቦታው ያነሣ ማንም አልነበረም፤ እኔም መኪናዬን ላስነሣ ተነሣሁ።

ባለቤቴን በዓይኔ ፈለግኋት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ፊቷ በርቶ፣ አሁንም ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች። የምታየው ግን እሱን ነበር።