ኮሎምቦ ላይ የቀረው ብርድ ልብስ

ለባለሱቆች ደብዳቤ የምትጽፈው ፅናት መጀመሪያ ያየችው የሀቢሶን ሸሚዝ ቁልፎች ነው። ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀዳዳ ተዛንፈዋል። ሀቢሶ ደግሞ በጄፒ የገበያ ጎዳና አለባበሱን አሳምሮ የሚታወቅ ሰው ነው። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ሲያወጣው ነገሩ ገባት፤ አብጦ ጠቁሯል፣ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል።

«ጋሼ ሀቢሶ፣ እጅዎን ምን ነካው?»

«አሳምነው ነካው» አለና ሳቀ። «በይ ጻፊ። በዚህ እጅ ኢሜይል አይጻፍም።»

ሀቢሶ ከሆሳዕና ተሰዶ ከመጣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ቮስሎሩስ በሚባል የድሆች ሰፈር ሱቅ ሲጠብቅ ሁለት ጊዜ ተተኩሶበት ስቶታል። አሁን ጄፒ ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። የአስመጪነት ኮድ ስላለው፣ ወረቀት የሌላቸው ባለሱቆች ዕቃቸውን በእሱ ኮንቴይነር ያስጭናሉ፤ በመርከብ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። ጄፒ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጽፈውም።

የዘንድሮው ኮንቴይነር የአራት ሰው ነበር፤ ከአራቱ አንዱ አሳምነው ነው። ከቻይና ተነሥቶ ኮሎምቦ ወደብ ላይ ወደ ሌላ መርከብ መዛወር ነበረበት። ዕቃ አስተላላፊው ድርጅት በሜይ መጨረሻ «ተጭኖ ወጥቷል» ብሎ በጽሑፍ አረጋገጠ። አልተጫነም። ሁለት መርከቦች ጥለውት ሄዱ፤ አርባ ሰባት ቀን ወደቡ ላይ ከረመ። አሁን ደርባን ገብቷል፣ ገና ከጉምሩክ አልወጣም፤ ብርዱም እያለፈ ነው።

የአሳምነው ሱቅ ያለበት የጻካኔ ሰፈር ግን አልጠበቀም። የአሳምነው ደንበኞች በሌይባይ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ፣ ብርድ ልብሳቸውን ለጁን ብርድ ይጠብቁ ነበር። ጁን አለፈ። በጁላይ ቁጣቸው ገነፈለ፤ መዝጊያውን በመዶሻ ገነጠሉት፣ ፍሪጁን ጎትተው ወሰዱ፣ መደርደሪያውን አቃጠሉ፣ የአሳምነውን ጆሮ በጠርሙስ ሰነጠቁት። አሳምነውም ከዚያ ሱቅ የተረፈውን የመዝጊያ ብረት ዘንግ ይዞ ጄፒ መጣ። የሀቢሶን እጅ የሰበረው በዚያ ነው።

«መጀመሪያ ‹በጌታ ስም ሰላም ለእናንተ ይሁን› በይልኝ» አለ ሀቢሶ።

«ጋሼ፣ ለድርጅቱ አቤቱታ ክፍል ነው የምንጽፈው፣ ለጉባኤ አይደለም።»

«እነሱም ቢሆኑ ሰላም አይጠሉም።»

ፅናት የመርከብ ሰነዱን ጀርባ በአጉሊ መነፅር አነበበች፤ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። «ለመዘግየት አንጠየቅም ይላል። ግን ሰነዱን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፣ ‹ተጭኗል› ያሉትም ራሳቸው። እዚያ ላይ እንያዛቸው። የመርከብ ኪራዩን እንዲመልሱ፣ የደርባንን የመጋዘን ክፍያ እንዲሸፍኑ።»

«ለተቃጠለውስ ሱቅ?»

«እሱን አይከፍሉም።»

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። አሳምነው ነው፤ ጆሮው በጥቁር ክር ተሰፍቷል፣ ብረቱ በእጁ ነው።

«ደብዳቤው ላይ ስሜ አለበት?»

«የለበትም» አለ ሀቢሶ፣ ሳይነሣ። «አይገባምም። ሰነዱ ላይ የሌለ ሰው ካሳ አይጠይቅም። ኮዱን እንዳዋስኩ ካወቁ ጉምሩክ ኮንቴይነሩን ይይዘዋል።»

«ብቻህን ልትበላው!»

«ካሳው ከመጣ መጀመሪያ ላንተ ነው።»

«የት ተጻፈ?»

«ስድስት ዓመት አብረን ስንጭን ምን ተጽፎ ያውቃል፣ አሳምነው?»

ብረቱ መጀመሪያ ማተሚያው ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ሀቢሶ አንገት ሥር። ፅናት አጥንት ሲሰበር ድምፁ የደረቅ ሸንበቆ እንደሚመስል እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ሀቢሶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። አሳምነው ፀጉሩን ጨምድዶ ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ደም ሰነዱ ላይ፣ «ተረካቢ» ከሚለው ቦታ ላይ ተረጨ።

«የአራታችንንም ስም ጻፊ፣ እህቴ። አለዚያ ይሄው ነው፣ እጨርሰዋለሁ!»

ሀቢሶ ከወለሉ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ አትጻፊ ማለቱ ነው። ብረቱ እንደገና ተነሣ። ፅናት ጻፈች። አራት ስም፣ የየሱቁ አድራሻ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ። ደብዳቤውን ላከችው።

አሳምነው በሩን ተደግፎ መልስ ጠበቀ። ሀቢሶ የተሰበረ ጥርሱን በምላሱ ፈለገ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መልሱ መጣ።

«ምን አሉ?» አሳምነው ጮኸ።

ፅናት ከስክሪኑ ላይ አነበበች። «ካሳ የሚጠይቀው ተረካቢው ብቻ ነው ይላሉ። ሦስቱ ሰዎች ማን እንደሆኑ ይጠይቃሉ። እስኪጣራ... ጉዳዩን ለጉምሩክ ክፍላቸው መርተውታል፤ ኮንቴይነሩ እንዳይለቀቅ ታግዷል።»

አሳምነው ብረቱን አየው፣ እጁ ላይ ያለው የማን ዕቃ እንደሆነ ያልገባው ይመስል። «ሀቢሶ... ወንድሜ...»

«ብርድ ልብስህ እዚያ ውስጥ ነው» አለ ሀቢሶ፣ ደሙን እየዋጠ። «የኔም።»

ጠረጴዛውን ይዞ ተነሣ። ደም የነካውን ሰነድ በግራ እጁ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ልውሰድዎ!»

አሳምነውን አልፎ ወጣ። ፅናት እስከ ደረጃው ተከተለችው። አንድ ትከሻው ወርዶ፣ ቁልፎቹ እንደተዛነፉ፣ በአንሶላና በካልሲ ሻጮች መካከል እየገፋ ሄደ፤ ወደ ኋላ አልዞረም።