መቶ ሦስት ኪሎ ጁል

ኬሚስትሪን ማንም አላስተማረኝም። ከቤተ ክህነት ትምህርት ዜማ ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ዛሬ በሩ በተዘጋ አንድ የግል ኮሌጅ በጥበቃነት ተቀጠርሁ። የቤተ ሙከራውን ክፍል የሚጠርግ ሰው ሲጠፋ እኔ ጠረግሁ። ጠርሙሶቹን ሳጥብ የተጻፈባቸውን ስም አጠናሁ፤ ስሙን ሳጠና ትርጉሙን ለማወቅ መጽሐፍ ገለጥሁ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ክፍሉ ለእኔ ተሰጠ። ዲግሪ የጫኑ መምህራን ሚዛን ሲያስቸግራቸው እኔን ይጠሩ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ካየኋቸው ሰዎች በትጋት የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ይህን ለመናገር አላፍርም።

የማፍርበት ሌላ ነው። ከሚሊኒየሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በአንድ ክረምት የሆነ ነው።

ኮሌጁ በክረምት ከየወረዳው የሚመጡ መምህራንን እያስተማረ ደረጃቸውን ያሻሽል ነበር። ኬሚስትሪውን የሚሰጠው ወጣት መምህር ሦስት ክፍል ስለተደራረበበት የሙከራ ሪፖርቶቹን እርማት ለእኔ ተወልኝ። ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ከእኔ በላይ ያውቁታል» አለኝ። ሙከራ ያላለፈ ሰው ትምህርቱን አይጨርስም፤ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይመጣል። እኔ እሱን አላሰብሁም። ያሰብሁት እስክሪብቶውን ነው። ከደረት ኪሴ አላወጣውም ነበር፤ ገበያ ስወጣ እንኳ ይታይ ነበር።

በክፍሉ ግድግዳ ላይ በእጄ የጻፍሁት ትልቅ ሰንጠረዥ ተሰቅሏል። አቶሞች እርስ በርስ የተያያዙበትን ቦንድ ለመበጠስ ስንት ጉልበት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ነው። ቁም ጽሕፈት የተማርሁ ስለሆንሁ ፊደሉም ቁጥሩም ያምር ነበር። ጎብኚ ሲመጣ ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የሚያሳየው ያንን ነበር።

የዚያ ሳምንት ሙከራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነበር፤ ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል ማጠቢያ። እርሾ ሲገባበት አረፋ ደፍቆ ወደ ውኃና ወደ ኦክስጅን ይለወጣል፤ ሲለወጥም ይሞቃል። ተማሪው መጀመሪያ የሚወጣውን ሙቀት ከሰንጠረዡ ይገምታል። የሚበጠሰው የሁለት ኦክስጅኖች ነጠላ ቦንድ ነው፤ መቶ አርባ ስድስት። የሚፈጠረው የኦክስጅን ጋዝ ድርብ ቦንድ እኩሌታ ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ። የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቦንዶች በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ስለሆኑ ይጣፋሉ። ልዩነቱ መቶ ሦስት ነው፤ ለአንድ ሞል መቶ ሦስት ኪሎ ጁል ሙቀት ይወጣል ማለት ነው። ቀጥሎ በፎም ኩባያና በቴርሞሜትር ይለካል። በመጨረሻ መምህሩ የጻፈው ጥያቄ አለ፦ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ይለያያሉ?

እኔ ይህን ጥያቄ ያነበብሁት «የት ላይ አጠፋችሁ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ከጉና ተራራ ሥር የሚያስተምር፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ሰው ነበር። ከገሳይ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል ይሉ ነበር። ዝምተኛ ነው። ሌሎቹ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ሲለኩ፣ እሱ ከቦርሳው ቁራጭ ባና አወጣ፤ ከጉና በግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ። ኩባያውን ዙሪያውን ጠቀለለው።

«አስተኛኸው እንዴ?» አለው አጠገቡ የነበረው ተማሪ። ክፍሉ ሳቀ።

«በጉና ብርድ ያላደረ ነው በባና የሚስቅ» አለ ቀና ሳይል።

በየግማሽ ደቂቃው ቴርሞሜትሩን እያነበበ ጻፈ። ከአሥራ አምስት ዲግሪ ተነሥቶ ሠላሳ አራት አካባቢ ደረሰ። ሌሎቹ ትልቁን ቁጥር እንዳዩ ሲያቆሙ፣ እሱ ኩባያው እየቀዘቀዘ ሲሄድም መጻፉን ቀጠለ። ኋላ ግራፍ ሠርቶ፣ የቅዝቃዜውን መስመር ወደ ኋላ ስቦ፣ ያመለጠውን ሙቀት አካቶ አሰበ። ዘጠና ሦስት መጣለት።

የሌሎቹ ሰማንያ ምናምን ነበር። ሰንጠረዡን እያሳየሁ «ትክክለኛው መቶ ሦስት ነው፤ ሙቀት አስመለጣችሁ» ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። ሪፖርቱን በሰጡኝ ማግስት ግን እንደገና ለካን እያሉ መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት፣ መቶ ሦስት ይዘው መጡ። እውነቱን ልናገር፤ ገብቶኛል። በአንድ አዳር የሁሉም እጅ አይፈታም። ሆኖም ቁጥሩ የእኔን ሰንጠረዥ ስላከበረ ደስ አለኝና አሳለፍኋቸው።

የጉናው መምህር ዘጠና ሦስቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«እነዚያ እንኳ ሙቀት እንዳስመለጡ አምነዋል፤ አንተ ምን ልትል ነው?» አልሁት።

«እኔንም አምልጦኛል፣ ጋሼ። ያመለጠውን ግን መልሼ ቆጥሬዋለሁ። ይኸው ግራፉ።»

«ታዲያ አሥሩ ኪሎ ጁል የት ሄደ?»

ወደ ግድግዳው ዞሮ ሰንጠረዡን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። «እነዚህ ቁጥሮች ከምን ላይ ተለክተው ነው የመጡት?»

«ከመጽሐፍ ነው የመጡት።»

«መጽሐፉስ? ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ውኃ ውስጥም ፐርኦክሳይድ ውስጥም እኩል ነው የሚያያዙት?»

«ሰንጠረዡ አንድ ቁጥር ነው የሰጠው። ሁለት አልሰጠም።»

«እሱ ነው ያሳሰበኝ» አለ። «ደግሞ የእኔ ፐርኦክሳይድ ውኃ ውስጥ ነው ያለው። የሰንጠረዡስ?»

መልስ ሳጣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ አመሌ ነው። «እኔ ይህን ክፍል ስንት ዓመት እንደያዝሁት ታውቃለህ? አሁን ባናህን ሰብስብና እንደ ሰው ለካ» አልሁት። ተማሪዎቹ ይሰሙ ነበር። እንደገና ለካ፤ ዘጠና አራት መጣለት፤ ያንኑ ጻፈ። «ለምን ይለያያሉ?» በሚለው ሥር «የተሳሳተው ልኬቱ አይመስለኝም» ብሎ ነበር። በቀዩ እስክሪብቶ ጣልሁት። ሲሄድ ባናውን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ረስቶት ሄደ።

በጥቅምት ጣሪያው ያፈሰሰው ውኃ ሰንጠረዤን አበላሸው። አዲስ ልጽፍ መጽሐፉን አወረድሁ። ከሰንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል የታተሙ ሁለት መስመሮች አሉ። አዲስ አልነበሩም፤ መጀመሪያ ስጽፍም አይቻቸዋለሁ። ኅዳጉን ያበላሹብኛል ብዬ ነበር የተውኋቸው። ቁጥሮቹ ከብዙ ሞለኪውሎች የተወሰዱ አማካይ ናቸው፤ ለጋዝ የሚሠሩ ናቸው፤ ከእነሱ የሚገኘው ሙቀት ግምት ነው ይላሉ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ላይ ያለውን ሁሉ አነበብሁ። ከውኃ የመጀመሪያውን ሃይድሮጅን ለመንቀል አራት መቶ ዘጠና ሰባት ይጠይቃል፤ የቀረውን ለመንቀል አራት መቶ ሃያ ስምንት ይበቃል። ሰንጠረዡ ሁለቱን አማክሎ አራት መቶ ስልሳ ሦስት ይላል። ፐርኦክሳይድ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁለቱም በቀላሉ ይነቀላል፤ እኔ ግን እኩል ናቸው ብዬ አጣፍቻቸው ነበር። ይህ ስሕተት እዚህ ብዙ ያልጎዳው፣ የሁለቱ ኦክስጅኖች ቁጥርም ሰንጠረዡ ላይ ከእውነተኛው በዚያው ልክ ስላነሰና ስለተካካሱ ነው። የቀረው ሰውዬው የጠየቀው ነው። ፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ፐርኦክሳይድ ውኃ ውስጥ ያለው አያያዝ ውኃ ከውኃ ጋር ካለው ይጠብቃል፤ ያንን ለማላቀቅ የሚሄደው ጉልበት ውኃው ሲፈጠር ከሚመለሰው ይበልጣል። ስለዚህ ኩባያው ውስጥ የሚወጣው ሙቀት ከጋዙ ግምት ያንሳል። በጥሩ ሁኔታ የተለካው ቁጥር መጽሐፉ ጀርባ ላይ ነበር፤ ዘጠና አምስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

ባናውን ከሚስማሩ አውርጄ ኩባያውን ጠቀለልሁና ራሴ ለካሁ። ዘጠና አራት።

እስክሪብቶውን የሰጠኝ ወጣት መምህር ዘንድ ሄጄ ልነግረው ተነሣሁ። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከነገርሁት እስክሪብቶውን ይቀበለኛል፤ ያለፉትም የጻፉት የሐሰት ቁጥር እንደሆነ ይወጣል፤ ጥበቃ የነበርሁ መሆኔም እንደገና ይነሣል። ተመለስሁ። አዲሱን ሰንጠረዥ ሁለቱን መስመሮች ከሥር ጨምሬ ጻፍሁና ሰቀልሁ። ያ እንደሚበቃ ለራሴ ነገርሁት። ጉና ላይ አንድ ሰው በእኔ ምክንያት ሌላ ክረምት እንደሚጠብቅ እያወቅሁ።

በሚቀጥለው ክረምት መጣ። ጫማው ጭቃ እንደያዘ ነበር። ሙከራውን ያለ ባና ሠራ፤ ቶሎ ጨረሰ፤ ወረቀቱን ሰጠኝ። መቶ ሦስት ይላል። «ለምን ይለያያሉ?» በሚለው ሥር «አይለያዩም» ብሎ ጽፏል።

«አዲሱን ሰንጠረዥ አላየኸውም?» አልሁት። «ከሥሩ ያለውን?»

«አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ። አምና የጣለኝ ግን ሰንጠረዡ አይደለም።»

ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ብዬ «የአምናው ልክ ነበር፤ ዘጠና አራቱን ጻፍ፤ አሳልፍሃለሁ» አልሁት።

ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ዘጠና አራት፣ ከነግራፉ፣ አምና የሠራው። «ይኸ ለተማሪዎቼ ነው፤ አሳይቻቸዋለሁ» አለ። ከዚያ ዓይኔን እያየ «ይህንን ብጽፍ፣ አምና የጣሉኝ በስሕተት እንደነበር ለመምህሩ ይነግሩልኛል?» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ፍላስኮች በቁመታቸው ደረደርሁ። ቀድሞም ተደርድረው ነበር።

አልተቆጣም። መቶ ሦስት ያለበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እንግዲያው ይኸው ይሁን፤ ቤቴ ሩቅ ነው» አለ።

ባናውን ከሚስማሩ አውርጄ ሰጠሁት። አቧራውን አራግፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እሱ ከወጣ በኋላ እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ ሐሰት መሆኑን ሁለታችንም በምናውቀው ቁጥር ላይ፣ በዚያ በሚያምረው እጄ፣ አሥር ከአሥር ጻፍሁበት።