ሽባባውና የድሬሰር ከድሮ የአንድ ሳምንት ምግብ

ባሌ ሽባባው ቡታጅራ አሥራ ሁለት ዓመት ሲኖር አንድ ቀን ጎመን አልቀመሰም ብል ማን ያምነኛል? ጎመን ከየጓሮው በሚታጨድበት አገር! መንዝ ተወልዶ በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የመጣ ሰው ነው። ጽሕፈቱ ያማረ፣ ኮቱ ጉድፍ የማያውቅ፣ ኩራቱ ደግሞ ከደሞዙ የሚበልጥ። «ጎመንስ በልጅነቴ የበላሁት ይበቃኛል። ደሞዝተኛ ሆኜ ጎመን ልብላ?» ይላል። ጠዋት ፉርኖ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሆቴል ገብቶ መኮሮኒ፣ በፍስክ ጊዜ ሥጋ በሥጋ ላይ። ማታ እንጀራ ሳቀርብለት እንዲነጣልኝ ብዬ ጤፉ ላይ የፉርኖ ዱቄት እደባልቅበት ነበር። ጥፋቱ የኔም ነው፣ አልክድም።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሆዱ ተዘጋ። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን ሳይወጣለት ይቆያል፤ ሲመጣም እያስጮኸው ነው። ቀጥሎ ኪንታሮት ወጣበት። ቢሮ ወንበር ላይ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ሲጽፍ ዳኛው «አቶ ሽባባው፣ መስኮቱን ነው ወይስ መዝገቡን ነው የሚያዩት?» ብለው ሳቁበት። ኮሶ ጠጣ፣ የእንግሊዝ ጨው ጠጣ። ለአንድ ቀን ይከፍትለትና ተመልሶ ይብሳል። እኔን ግን «ለሰው ትንፍሽ ብትዪ አልምርሽም!» ብሎ አስሮኛል። የምን ወንድ ነው እናንተ! እያመመው የሚኮራ!

በመጨረሻ እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኩት። ድሬሰሩ፣ መርፌ ወጊው፣ ከድሮ ይባላል፤ የመስቃን ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ ሙስሊም ወጣት። ሆዱን ጫን ጫን አድርጎ አየው፣ ደም መኖሩን ጠየቀው፣ ከዚያ ምን እንደሚበላ አንድ በአንድ አስቆጠረው። ሽባባው «ፉርኖ፣ መኮሮኒ፣ ሥጋ» እያለ ሲዘረዝር እንደ ትልቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነበር።

«አቶ ሽባባው፣ ይኼ ሁሉ ገለባ የሌለው ምግብ ነው» አለ ከድሮ። «አንጀት የሚገፋው ነገር ይፈልጋል። የእህል ገለባ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ የፍራፍሬ ሥጋ። መድኃኒትዎ ያለው ገበያ ላይ ነው።»

ሁለት ወረቀት ጻፈ። አንደኛው የሰባት ቀን ምግብ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ለሆስፒታል የሚሰጥ። «ሳምንቱን ይህን ይብሉና ሰኞ ይምጡ። ካልተሻለዎት በዚህኛው ይሄዳሉ፤ እዚያ ኪንታሮቱን በቀዶ ጥገና ያወጡልዎታል» አለው።

ሽባባው አመድ መሰለ። ታላቅ ወንድሙ ለሌላ በሽታ አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ገብቶ በሬሳ ሣጥን ነው የተመለሰው። ቢላ ሲባል ያ ሣጥን ይታየዋል።

እቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳነብ ግን ደስ አለኝ። የጤፍ እንጀራ፣ ምንም ዱቄት ሳይደባለቅበት። «ማኛ ቢሆንስ?» ብዬ እዚያው ክሊኒክ ጠይቄው ነበር፤ ከድሮ ሳቀና «ቀለሙን ተዪው፣ እትዬ አዛለች፤ ነጭም ሆነ ቀይ ጤፍ ከነገለባው ነው የሚፈጨው፤ ፉርኖው ይቅርበት ብቻ» አለኝ። ሰኞ ድፍን ምስር ወጥ በጎመን፤ ድፍን ያለው ልጣጩ እንዳይወልቅ ነው። ማክሰኞ ሽሮ በጎመን፣ ረቡዕ ምስር በቀይ ሥር፣ ሐሙስ የባቄላ ንፍሮና ሰላጣ፣ ዓርብ ምስር ፍትፍት፣ ቅዳሜ ሽምብራ በቆስጣ፣ እሑድ ደግሞ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት። በየቀኑ ፓፓያ ወይም ብርቱካን፣ የተመታ ተልባ፣ ስምንት ብርጭቆ ውሃ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ሁሉም የጾም ነው! «እግዜር ያዘጋጀው ነው፣ ከጾሙ የሚጋጭ አንድም የለበት» አልኩ። አየ እኔ! ዓይኔ ምግቡን እንጂ ሰዓቱን አላየም።

ሰኞ ጀመርን። ሽባባው ሁዳዴን እንደ ደንቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። እኔም የጠዋቱን፣ የምሳውንና የማታውን አጠራቀምኩና ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ትሪ ሙሉ አቀረብኩለት። ጎመኑን አየና ዘወር አለ።

«እንግዲህ ቢላው ይሻላል ወይስ ጎመኑ?» አልኩት።

ጎረሰ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ዓይኑን ገለጠ፤ ሦስተኛውን ሳልለው አነሳ። ፓፓያውንም ጨረሰ። ውሃ ስሰጠው «ወዴት ይግባ? እስከ አንገቴ ሞልቷል» ብሎ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ተወው። እኔም ዋናው ምግቡ ነው ብዬ አላስገደድኩትም።

ማክሰኞ ኮቱን ስቦርሽ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። በዚያ ቆንጆ ጽሕፈቱ «ኑዛዜዬ» ይላል። «ሬዲዮኑን ለባለቤቴ ለአዛለች፣ ኮቱን ለእኅቴ ልጅ፤ በሞቴም ጎረቤት እንዳይቸገር» እያለ ይዘረዝራል። የምስክር ቦታ እንኳ አስምሮ ትቷል! ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ አጥፌ እንደነበረ ኪሱ ከተትኩት። አላነሳሁበትም። እሱ የደበቀኝን እኔም ደበቅሁት።

ረቡዕ ሆዱ ተነፋ። ሐሙስ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ከቢሮ ቀትር ላይ መጣና ግድግዳውን ይዞ ቆመ። «ይኸው ጎመንሽ! ባሰብኝ እንጂ ተሻለኝ? ቅዳሜ የአዲስ አበባ አውቶብስ ላይ ቦታ ያዢልኝ፤ የመጣው ይምጣ» አለኝ። ነጠላዬን ጎትቼ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ።

ከድሮ መርፌ እየቀቀለ ነበር። እስክጨርስ ሰማኝና «ያስመልሰዋል? ቁርጠት አለው? ፈስ ይወጣዋል?» አለ።

«አያስመልሰውም፣ ቁርጠትም የለም። ፈሱስ... ጎረቤት ይሰማል!»

ሳቀና ትንፋሹን ለቀቀ። «አልሐምዱሊላህ። በስንት ሰዓት ነው የሚበላው?»

«በዘጠኝ ሰዓት ነዋ፣ ጾም አይደል? ሁሉንም ባንዴ።»

«ውሃውስ?»

«አንድ ብርጭቆ። ከዚያ በላይ አይገባለትም።»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ያ ረቢ! እኔኮ የናንተ ጾም ሥጋና ቅቤ መተው ብቻ መስሎኝ ነው! ምግቡ የጾም ነው ብዬ ሰዓቱን አልጠየቅሁም። በረመዳን እኛም ውሃ አንጠጣም፤ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? እትዬ አዛለች፣ ገለባ ውሃ ካልጠጣ ይጠነክራል እንጂ አይንሸራተትም። ለዚያውም ለምዶት የማያውቅ ሆድ ላይ የቀኑን ሁሉ ባንዴ! ምስሩን በግማሽ ቀንሽው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሪ። በሦስት ጊዜ ይከፋፈል። ውሃው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ። ብርቱ ቁርጠት ወይም ማስመለስ ከመጣ ሳትውዪ ሳታድሪ አምጪው።»

ከጠዋት ጀምሮ! በሁዳዴ! እቤት ተመልሼ ስነግረው ሽባባው አልጋው ላይ ተቀመጠ። «ለንስሐ አባቴ ኪንታሮት ይዞኛል ብዬ ልንገር? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ልትሞትማ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። የኑዛዜው ነገር አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ነጠላዬን አጣፋሁና የንስሐ አባታችን መምሬ አዳነ ዘንድ ሄድኩ።

መምሬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንገቴን ደፍቼ፣ ግማሹን እየዋጥኩ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም አልታዘዘም» አሉ። «በጠዋት ይብላ፣ ውሃም ይጠጣ። ምግቡ የጾም ከሆነ ደግሞ ምን ቀረው? ሲድን ይጾማል። ለነፍስ እንጂ ሆድ ለማድረቅ አይጾምም።» ከዚያ ዙሪያውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ... ወረቀቱ ላይ ምን ምን ይላል?»

«አባ፣ እርስዎም?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ልጄ። ለማን ይነገራል?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ስንት ሰው በየቤቱ አንድ በሽታ ደብቆ ይኖራል እናንተ!

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሰጠሁት። መምሬ ፈቅደዋል ስለው ተንገራገረ፤ «እሳቸውም ተይዘዋል» ስለው ግን ብርጭቆውን ተቀበለኝና ጨለጠው። ጠዋት ትንሽ ፍትፍት፣ ረፋድ ላይ ብርቱካን፣ ምሳ እንጀራ በጎመን ምስሩ በማንኪያ የተለካ፣ በየመሐሉ ውሃ። ማታ ፓፓያ። ቅዳሜ ሆዱ ለዘብ አለ፤ በእግሩ እስከ ገበያው ማዶ ደርሶ መጣ። አውቶብሱ ያለ እሱ ሄደ። ተልባውን ራሱ ጠየቀኝ።

እሑድ ማለዳ ሁለተኛውን ብርጭቆ እንደጨረሰ ብርጭቆውን አስቀመጠና ወደ ጓሮ ሄደ። ቆየ። የሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። «ሽባባው?» አልኩ። በሩን አንኳኳሁ። «ሽባባው!»

«ተይኝ፣ ሴትዮ!» አለ ከውስጥ። ድምፁ የሥቃይ አልነበረም።

ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። ሱሪውን እያሰረ ወደ ሰማይ ቀና አለ። «አዛለች፣ ወጣ! ሳልጮህ ወጣ!» አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በግቢው ውስጥ በደስታ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ጸሐፊ! እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤታችን ከድጄ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ምን ተገኘ? ሹመት ነው?» አለችኝ። «ከሹመት ይበልጣል!» አልኳት። ተመስገን ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ልበል።

ከቅዳሴ መልስ ጎመኑን ዓይኑን ሳይጨፍን በላ። «ጎመን በጤና ያሉት እኮ ለካ እውነታቸውን ነው» አለ፤ እኔም አሾፍኩበት፤ «ደሞዝተኛም ይበላዋል እንዴ?» ሰኞ ክሊኒክ ሄዶ የአዲስ አበባውን ወረቀት ለከድሮ መለሰለት፤ ከድሮም እፊቱ ወረቀቱን ቀደደው። «ሳምንቱ አለቀ ብለው እንዳይተዉት፤ ኪንታሮቱም ቀስ እያለ ነው የሚረግበው» ብሎ ሸኘው።

ማታ «መምሬ የምግቡን ወረቀት ይገልብጥልኝ ብለዋል» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ መብራቱን አስጠጋ፣ ብዕሩን ከፈተ፣ ኪሱን ዳበሰና የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አወቅሁት። ገልብጦ በባዶው ገጽ ላይ በዚያ ቆንጆ ጽሕፈቱ «ሰኞ ጠዋት፦ ውሃ ሁለት ብርጭቆ» ብሎ ጀመረ።

«ሽባባው፣ መምሬ ገልብጠው ያነቡታል እኮ!» ብዬ ጮኽኩ።

ብዕሩን አነሳና አየኝ። ማወቄን ያን ጊዜ አወቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሩ ግን ሳቀ።

«ያንብቡት» አለ። «ያልሞተ ሰው ኑዛዜ አይተው ይሳቁ። ሬዲዮኑ ግን ያንቺ ነው፣ ብሞትም ባልሞትም። አሁን ውሃዬን አምጪልኝ።»