ፍራሹ የማን ነው?

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ሠራተኛ ሳለሁ፣ ማዕከላዊው ባንክ ለባንኮች መጠባበቂያ ገንዘብ ከለቀቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት አሰልጣኝ ተላከልን።

ሰሌዳው ላይ እየጻፈ አስረዳን። የመጠባበቂያው ግዴታ ከመቶ አስር ቢሆን፣ ባንክ ከመቶ ብር ተቀማጭ አስሩን ይዞ ዘጠናውን ያበድራል። ዘጠናው ተመልሶ ባንክ ሲገባ ሰማንያ አንዱ ይበደራል። እንዲህ እየዞረ መቶው ብር ቢበዛ የሺህ ብር ተቀማጭ ይሆናል።

«እዚህ አልተባዛም» አለ። «የዚህ የመስቃን አገር በርበሬ ነጋዴ ብሩን ፍራሽ ስር ስለሚደብቅ ነው።»

ደሜ ፈላ። ቤት የተቀመጠ ብር ገንዘቡ የሚባዛበትን መጠን እንደሚቀንስ እኔም አላጣሁትም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ብድር ፈልገው የመጡትን አንዲት የበርበሬ ነጋዴ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ስንት ዓመት እኛው ዘንድ ሲቆጥቡ የኖሩ ናቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ይደረግ ልጄ» ብለው ወጡ። የመለስኳቸውም አሰልጣኙ ራሱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈርሞ በላከው ደብዳቤ ነው፤ «አዲስ ብድር ለጊዜው ቆሟል» ይላል። የተለቀቀው ገንዘብ ሳይበደር፣ ከመጠባበቂያው ግዴታ በላይ ትርፍ ሆኖ ዋናው መሥሪያ ቤት ተኝቷል።

ደብዳቤውን ይዤ ተነሳሁ።

«ከተለቀቀው ገንዘብ እስካሁን ስንት አበደርን?»

«ገና ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ታዲያ ጌታዬ፣ ፍራሹ የማን ነው?»