ሳይዘለል የተጠራ ስም

በ1973 ዓ.ም. መስከረም ነበር፤ ጎባ ላይ ዝናቡ ገና አላቆመም፣ የሲናና ሜዳ ገብስ ግን መዘርዘር ጀምሯል። ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ስለሆነ የሰፈራችን ቄስ፣ ቄስ ታምሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወንጌሉን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሊያስተምሩን ተነሡ።

አባቴ ወደ ጦር ሜዳ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሞተም አለም ያለን የለም። እናቴ ስሙን መጥራት ትታ ነበር፤ እኔም ስጠይቃት ሥራ ትፈልግልኛለች። የጎረቤታችን የአባ ቃሲም ልጆች እንደ ኦሮሞ ወግ አባቶቻቸውን አያት ቅድመ አያት እያሉ ሲቆጥሩ ከአጥራቸው ሥር ቆሜ እቀና ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሱም የማይነሣ።

ያን ሰሞን ሮቤ ሱቅ ያለው አጎቴ ዘነበ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሊያስተምረኝ ጠየቀ። ልጅ የለውም፤ ደግ ሰው ነው። «በእኔ ስም ትመዝገብ» አለ፤ «አባትሽ የት ነው እያሉ ልጅቷን አያድክሟት።» እናቴ ብዙ ቆይታ እሺ አለች። የትምህርት ቤት ምዝገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ስሜ አስቴር ዘነበ ሊሆን ነው።

እሑድ ቄስ ታምሩ «አብርሃም ይስሐቅን ወለደ» ብለው ሲጀምሩ ሰዉ ነጠላውን መሰብሰብ ጀመረ። ከጎናችን የቆሙት እትዬ በላይነሽ ወደ እናቴ ዘንበል ብለው፣ «ይሄ ወለደ ወለደ ሳያልቅ እኔም በእርጅናዬ እወልዳለሁ» አሉ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ቄሱ የሰሙ ይመስለኛል። «ስም ሲበዛ እንቅልፍ ይመጣል፣ አውቃለሁ» አሉ። «እስቲ አኪም የሚባለውን ማን ያውቀዋል? ምን እንደሠራ አልተነገረንም። ሳዶቅ ወለደው፣ እሱ ኤልዩድን ወለደ፣ በቃ። ግን አኪምን አውጡትና እዩ፤ ኤልዩድ አባት ያጣል፣ መንገዱም እስከ ዮሴፍ አይደርስም።»

ወጪው ሰው እግሩን ገታ አደረገ።

«ሰሎሞን ጋ ሲደርስ ደግሞ ዳዊት ከኦርዮ ሚስት ወለደው ይላል። የሴትየዋ ስም ጠፍቶት አይደለም። ኦርዮ ወታደር ነበር። ንጉሡ ሚስቱን ወሰደበት፣ እሱን ሰልፉ በጠነከረበት ፊት አስቆመው፣ በዚያው ቀረ። በዚህ የትውልድ ሐረግ ውስጥ አንድም ልጅ የለውም። ስሙ ግን በነገሥታቱ መካከል አለ። ሰው የዘለለውን እግዚአብሔር ይጠራዋል።»

ዘማቾችን የሚመዘግበው የቀበሌው ሊቀ መንበር መሬት መሬት ያያል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እትዬ በላይነሽ ክንዷን ያዟት።

ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችኝና ጸጉሬን እየሠራች፣ «አባትሽ ተክሌ» አለች። «ተክሌ ወልዴ። ወልዴ ደስታ።» ቀጠለች፤ እንግዳ፣ ወርቁ፣ ብሩ፣ ኃይሉ።

«እማዬ፣ አንቺ ከየት አወቅሽው?»

«ከመጋባታችን በፊት ሽማግሌዎች ዘመድ እንዳንሆን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። እኔ መጋረጃ ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር።» «ልቤ እየመታ ነው የሰማሁት፤ አንዱ ቤት እንዳይገጥምብኝ ብዬ» አለች። ደግማ ሳቀች።

ሹሩባውን እስክትጨርስ አስደገመችኝ። ነገ ምን እንደምል ግን አልነገረችኝም።

ዛሬ ልጆቼ ማታ ወንጌል ሲያነቡልኝ የስሞቹ ቦታ ላይ ሲደርሱ ያፋጥናሉ። ቀስ በሉ እላቸዋለሁ እንጂ አልቆጣም። ያኔ ስም በአንደበት ይያዝ ነበር፤ ፎቶ እንኳን አልነበረንም። አባቴ አልተመለሰም። ያቺን ደጃፍ፣ የእናቴን ጣቶች በጸጉሬ ውስጥ፣ ያን ቀዝቃዛ የጎባ አየር እናፍቃለሁ። ተመስገን፣ ስሞቹ አሉኝ።

ያን ሰኞ ጠዋት ከአጎቴ ጋር ሮቤ ትምህርት ቤት መዝጋቢው ፊት ቆምኩ።

«ስምሽ ማነው?»

«አስቴር።»

«የአባትሽስ?»

አጎቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት፤ «ተክሌ» አልኩ፤ «ወልዴ፣ ደስታ፣ እንግዳ...»

መዝጋቢው ብዕሩን አንሥቶ፣ «እስከ አያት ይበቃናል እኮ፣ የኔ እመቤት» አለ።

አጎቴ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ፣ «ተዋት ትጨርስ» አለው።

ጨረስኩት።